«አጭበርባሪዎች ናቸው» ለሚል የአደባባይ አስተያየት ምላሽ አጻጻፍ

«እነዚህ ሰዎች አጭበርባሪዎች ናቸው። በድረ ገጻቸው አንድ የቢሮ ወንበር አዝዤ ከካርዴ ላይ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወሰዱ። ስደውልላቸው ‹እኛ የተቀበልነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው› ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። ሌቦች! ማንም ሰው እንዳይገዛቸው።»

አጠገቡ አንድ ኮከብ አለ። የጸሐፊው ስም ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። የሱቁ ባለቤት ይህን ያነበበው ማለዳ ላይ ነው እንበል። መዝገቡን ከፍቶ አየ፤ የገባው ገንዘብ በእርግጥም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የተዋሸበት መሰለው፤ እጁም ወዲያው ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ሄደ።

በዚህ መመሪያ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ያለውን መንገድ እናያለን። ይህን ምሳሌ የመረጥሁት ለንግድ ቤቶች ምላሽ በመጻፍ ሥራ ላይ ደጋግሜ የማገኘው ዓይነት ስለሆነ ነው። ደንበኛው ያየውን ተናግሯል፤ ሻጩም መዝገቡ የሚለውን ተናግሯል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ቢሆንም አንዱ ሌላውን ሌባ ወይም ውሸታም እያለ ሊለያዩ ነው።

ቃሉን ከድርጊቱ ይለዩ

አስተያየቱን ያትሙትና እርሳስ ይያዙ። በአስተያየቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ፍርድ ነው፤ «አጭበርባሪዎች»፣ «ሌቦች»፣ «ማንም እንዳይገዛቸው»። ሁለተኛው ተፈጸመ የተባለ ነገር ነው፤ አንድ ወንበር ታዘዘ፣ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ፣ በስልክ እንዲህ ተባለ፣ ስልኩ ተዘጋ። ከሁለተኛው ዓይነት በታች መስመር ያስምሩ። የሚመልሱት ለተሰመረበት ብቻ ነው።

ማጭበርበር ማለት ሆን ብሎ ማታለል ነው። ሐሳብዎ ምን እንደነበረ ለማያውቅዎ ሰው በጽሑፍ ማስረዳት አይችሉም፤ «እኛ ታማኞች ነን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እውነተኛ አጭበርባሪም በቀላሉ ይጽፈዋል። የተደረገውን ነገር ግን ማስረዳት ይቻላል፤ መቼ እንደተጣራ፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተስተካከለ። አንባቢው ከዚያ ተነሥቶ ስለ ሐሳብዎ ራሱ ይፈርዳል።

አንባቢ ስል በተለይ አስተያየቱን የጻፈውን ሰው ማለቴ አይደለም። እርሱን በግል ያገኙታል። በአደባባይ የሚጻፈው ምላሽ ነገ ከእርስዎ ለመግዛት እያሰበ ገጹን ለሚያገላብጥ እንግዳ ነው። ያ ሰው ጠቡን የሚያነበው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ «እኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጉልኛል?» ከዚህ በኋላ የሚጽፉትን እያንዳንዱን ቃል በዚህ ጥያቄ ይመዝኑት።

ከመጻፍዎ በፊት

በመጀመሪያ አስተያየቱን ከነቀኑ፣ ከነስሙና ከነኮከቡ በስክሪን ፎቶ ያስቀምጡ። ጸሐፊው በማንኛውም ጊዜ ሊያስተካክለው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። ነገሩ በኋላ ወደ ባንክ ክርክር ወይም ወደ ሕግ ቢሄድ መጀመሪያ የተባለውን ማሳየት የሚችሉት በዚህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሰው ብቻ እንዲመልስ ይወስኑ። ለሌሎቹ ሠራተኞች፣ ለቤተሰብና ለወዳጅ ሁሉ «እባካችሁ አንዳች ነገር እንዳትጽፉ» ብለው ይንገሩ። ይህን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ የቀሩ ብዙዎች በማግስቱ ከገጻቸው ላይ በአንድ ሌሊት የተደረደሩ አምስት ባለ አምስት ኮከብ ውዳሴዎችን ያገኛሉ። የወንድም፣ የሚስት፣ የሒሳብ ሠራተኛ ጽሑፍ ነው። ወዳጆችዎ በቅን ልብ ያደረጉት ቢሆንም በማጭበርበር ለተከሰሰ ድርጅት ከዚህ የከፋ ማስረጃ የለም፤ አንባቢ ወዲያው ይጠረጥራል። መድረኮችም የሠራተኛና የባለቤት ጽሑፍን የጥቅም ግጭት ብለው ይከለክላሉ።

ሦስተኛው ነገር ጊዜ ነው። እኔ የምይዘው ገደብ 24 ሰዓት ነው፤ ለማጣራት በቂ ነው፤ ዝምታው እንደ ማመን ከመቆጠሩ በፊትም ይደርሳል። ማጣራቱ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ አጭር ጊዜያዊ ምላሽ ያስቀምጡ፤ «ጽሑፍዎን ዛሬ ጠዋት አንብበናል። የክፍያውን መዝገብ እያመሳከርን ነው፤ እስከ ነገ ከቀትር በኋላ ያገኘነውን እዚሁ እናሳውቃለን» የሚል። በጉግል የንግድ ገጽ ላይ ለአንድ አስተያየት የሚሰጠው አንድ ምላሽ ነው፤ ባለቤቱ ግን በኋላ ሊያስተካክለው ስለሚችል ይህ መንገድ ይሠራል። ማስተካከል በማይፈቅዱ መድረኮች ጊዜያዊውን ምላሽ ትተው ማጣራቱን ማፋጠን ይሻላል። በምላሹ ላይ ቀን ከቀጠሩ ደግሞ ቀጠሮውን ማክበር ግዴታ ነው። የቀጠሩት ሰዓት ሲያልፍ ምላሹ ራሱ ሁለተኛ ክስ ይሆናል።

መዝገቡን እስከ ሥሩ ማየት

አሁን ወደ ወንበሩ እንመለስ። የሱቁ ባለቤት የገባ ገንዘብ አንድ ብቻ መሆኑን አይቶ ማጣራቱን ጨርሻለሁ አለ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሽያጭ መዝገብ የሚያሳየው የደረሰውን ገንዘብ እንጂ ከደንበኛው ሒሳብ ላይ የታየውን አይደለም።

የካርድ ክፍያ በሁለት እርምጃ ይከናወናል። መጀመሪያ የሱቁ የክፍያ አገልግሎት ሰጪ የደንበኛውን ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። ባንኩ ሲፈቅድ ያንን መጠን ከሒሳቡ ላይ ይይዘዋል፤ ደንበኛው ሊያወጣው አይችልም፤ በስልኩም ላይ ተቀንሶ ያየዋል። ገንዘቡ ወደ ሱቁ የሚሄደው ግን በሁለተኛው እርምጃ፣ ሱቁ የተፈቀደለትን ሲሰበስብ ነው። በሁለቱ መካከል የበይነመረብ ግንኙነት ቢቋረጥ ባንኩ ገንዘቡን ይይዛል፤ ሱቁ ግን ፈቃዱ መሰጠቱን አያውቅም። ደንበኛው በስክሪኑ ላይ «ክፍያው አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ እንደገና ይሞክራል፤ በዚህ ጊዜ ይሳካል። ከዚያ የባንክ ሒሳቡን ሲከፍት ሁለት ተቀናሽ ያገኛል።

ባለቤቱ ከሽያጭ መዝገቡ አልፎ በክፍያ አገልግሎት ሰጪው ገጽ ላይ የሙከራዎቹን ዝርዝር ሲከፍት ያገኘው ይህንኑ ነው እንበል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ14 ላይ አንድ ሙከራ ተፈቅዶ ሳይሰበሰብ ቀርቷል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ16 ላይ ሌላ ሙከራ ተፈቅዶ ተሰብስቧል። ካርዱ አንድ ነው፤ መጠኑም አንድ ነው። ሌባ የለም። ነገር ግን የአንድ ሰው ገንዘብ ያለ ጥፋቱ ታስሯል፤ ይህን ሊያስፈታ የሚችለው ደግሞ ሱቁ ነው።

ያልተሰበሰበ ፈቃድ ውሎ አድሮ በራሱ ይወርዳል፤ ስንት ቀን እንደሚወስድ የሚወስነው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ሱቁ ግን ዝም ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ለክፍያ አገልግሎት ሰጪው የስረዛ ጥያቄ መላክ ይችላል። ይህ ሲደረግ ማረጋገጫውንና የፈቃዱን ቁጥር ያስቀምጡ። ደንበኛው ወደ ባንኩ ደውሎ የሚጠቅሰው ይህን ቁጥር ነው።

ሁለቱም ሙከራዎች ተሰብስበው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ በእርግጥ ሁለት ጊዜ ተቀብለዋል፤ ስለዚህ ስረዛ ሳይሆን ተመላሽ ክፍያ ያስፈልጋል። ተመላሽ ክፍያ በካርድ ሲላክ 23 አሃዝ ያለው የመከታተያ ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥሩ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከክፍያ አገልግሎት ሰጪዎ ጠይቀው ለደንበኛው በግል ይላኩለት። «ገንዘብዎን መልሰናል» የሚል ቃል ብቻ የተሰጠው ሰው ገንዘቡ እስኪገባ በጥርጣሬ ይቆያል፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ግን ባንኩን ጠይቆ የት እንደደረሰ ማወቅ ይችላል።

ተመላሹን ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ማጣራት አለብዎ። ደንበኛው ቀድሞ በባንኩ በኩል ክፍያውን ተቃውሞ ሊሆን ይችላል። ባንኩ በተቃውሞው መሠረት ገንዘቡን ከእርስዎ ወስዶ ለደንበኛው ሲመልስ እርስዎም በተጨማሪ ከመለሱ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል። እንዲያ የወጣን ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ እጅግ አድካሚ ነው። ተቃውሞ ካለ ጉዳዩ በዚያው መሥመር ይለቅ፤ በምላሽዎ ላይም ይህንኑ ሳይሸፍኑ ይናገሩ።

መዝገብ ስል የስልኩንም ጉዳይ ማለቴ ነው። ስልኩን ያነሣውን ሠራተኛ ለብቻው ያነጋግሩ። «ምን አልህ?» ብለው ይጠይቁት እንጂ «ለምን ዘጋህበት?» ብለው አይጀምሩ። በእኛ ምሳሌ ሠራተኛው «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀበልነው» ማለቱን ያምናል፤ መዝጋቱን ግን አላስታውስም ይላል። ስለዚህ ስለ መዝጋቱ በአደባባይ አይከራከሩም። ለደንበኛው ያ አንድ መስመር መልስ ራሱ በር እንደ መዝጋት ነበርና።

መጀመሪያ ሰውየውን ያግኙት

ጸሐፊው በእርግጥ ማን እንደሆነ ለማወቅ ይሞክሩ፤ የዕቃው ዓይነት፣ የደወለበት ቀን፣ የሁለት ፊደሉ ስም ከትዕዛዝ መዝገብ ጋር ሲገጣጠሙ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይደርሳሉ። ከደረሱ ምላሹን ከማውጣትዎ በፊት ይደውሉ። ምላሽዎን በአደባባይ አንብቦ ስልክ የሚቀበል ሰውና ስልክ ተደውሎለት ከዚያ ምላሹን የሚያነብ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እንደተመለሰበት ይሰማዋል፤ ሁለተኛው እንደተፈለገ ያውቃል።

በስልክ ላይ ስለ አስተያየቱ አይናገሩ። ስለ ገንዘቡ ይናገሩ። «የደወልሁት ስለ ሁለተኛው ተቀናሽ ነው። ሒሳብዎን ቢከፍቱ ከሁለቱ በአንደኛው አጠገብ ‹በሂደት ላይ› ወይም ‹ያልተጠናቀቀ› የሚል ቃል ያያሉ?» ካለ የተያዘ ገንዘብ ነው፤ ያደረጉትን ስረዛ ይንገሩትና ቁጥሩን ይስጡት። ሁለቱም ተጠናቅቀው ከታዩት ግን መዝገብዎን እንደገና ይፈትሹ፤ የተሳሳቱት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ባንኩ ጋር ተቃውሞ አቅርቦ እንደሆነም በዚሁ ጊዜ ይጠይቁ።

«ጽሑፉን ካጠፉልን ገንዘቡን እንመልሳለን» የሚለውን ግን በምንም መልክ አይናገሩ፤ በቀልድም፣ በተዘዋዋሪም ቢሆን። ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ መመለሱ ውለታ አይደለም። ጉግልን የመሰሉ መድረኮች አስተያየት ለማስቀየር ወይም ለማስነሣት ጥቅም መስጠትን ይከለክላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው ይህን ንግግር በስክሪን ፎቶ አስደግፎ ከአስተያየቱ ሥር ቢያወጣው እስከ አሁን ያልነበረው ማስረጃ በእጁ ገባ ማለት ነው።

መውጣት የሌለበት ረቂቅ

ባለቤቱ ማለዳ በንዴት የጻፈው ይህ ነበር እንበል፤

«ይህ ፍጹም ሐሰት ነው! ድርጅታችን አጭበርባሪ አይደለም። ለ10 ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞችን በታማኝነት አገልግለናል። መዝገባችን የሚያሳየው የገባልን ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ነው፤ ችግሩ የባንክህ ነው። በ12ኛው ቀን ወንበሩን ወደ ቤትህ አድርሰንልሃል። ስም ማጥፋት በሕግ እንደሚያስጠይቅ እናሳውቃለን።»

ስለ ገንዘቡ የተናገረው እውነት ነው፤ ሆኖም በስድስት መስመር ውስጥ ድርጅቱን አምስት ጊዜ ጎድቶታል። «አጭበርባሪ አይደለም» ሲል ቃሉን ራሱ ደገመው፤ አሁን ከድርጅቱ ስም አጠገብ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱም በባለቤቱ እጅ ነው። «ችግሩ የባንክህ ነው» ሲል ሊረዳ የሚችለውን ሰው በር ላይ ጥሎት ሄደ። «አንተ» ብሎ ጠራው፤ ማንነቱን የማያውቀውን ሰው፣ ምናልባትም ሴት ልትሆን የምትችለውን። በአማርኛ ይህ አንድ ፊደል ብቻውን ንቀትን ያሰማል፤ በአደባባይ ምላሽ ሁልጊዜ «እርስዎ» ይበሉ።

አራተኛው ጉዳት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ደንበኛው ስለ መላኪያ ቀኑና ስለ ቤቱ ምንም አልተናገረም፤ ባለቤቱ ግን በአደባባይ አወጣው። ምላሽ ሲጽፉ ደንበኛው ራሱ ከገለጸው በላይ ስለ እርሱ አይጨምሩ፤ ስለ ራስዎ ሥራ ግን የፈለጉትን ያህል ይናገሩ። ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ ባለባቸው ሙያዎች፣ ለምሳሌ በሕክምናና በጥብቅና፣ ሰውየው ደንበኛዎ መሆኑን ማረጋገጥ ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። በ2019 በአሜሪካ አንድ የጥርስ ሕክምና ድርጅት ይልፕ በተባለው መድረክ ላይ ለቀረበበት አስተያየት ሲመልስ የታካሚውን የግል መረጃ በማውጣቱ ለመንግሥት 10,000 ዶላር ለመክፈል ተገዷል። በእንዲህ ያሉ ሙያዎች «የማንንም ሰው ጉዳይ በአደባባይ ማንሣት አንችልም፤ በዚህ ስልክ ኃላፊውን በቀጥታ ያገኛሉ» ከሚለው ማለፍ አይገባም።

የመጨረሻው ዛቻው ነው። ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ ስም ማጥፋትም በብዙ አገር ያስጠይቃል። ይሁን እንጂ ክስ ለመመሥረት የሚያስብ ሰው ከጠበቃው ጋር ይነጋገራል እንጂ በምላሽ ላይ አይዝትም። ለአንባቢ ዛቻ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚህ ቅሬታ ካሰማህ ይህ ይጠብቅሃል»። በአሜሪካ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ መሠረተ ቢስ በሆነ የሕግ ማስፈራሪያ የደንበኛን አሉታዊ አስተያየት ማፈን በፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ የተከለከለ ነው። ጉዳዩ ቀድሞውኑ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ደርሶ ከሆነ ግን አንድም ቃል ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ይህ መመሪያ ለዚያ አይበቃም።

የሚወጣው ምላሽ

ከማጣራቱና ከስልኩ በኋላ የተጻፈው ይህን ይመስላል፤

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለአንድ ወንበር ከካርድዎ ሁለት ጊዜ ገንዘብ መቀነሱን ጽፈዋል፤ ዛሬ ከክፍያ አገልግሎት ሰጪያችን ጋር አጣርተን ልክ መሆንዎን አረጋግጠናል። የመጀመሪያው የክፍያ ሙከራ ሳይጠናቀቅ በመቋረጡ ገንዘቡ ወደ እኛ ሳይደርስ በባንክዎ ተይዞ ቀርቷል። ዛሬ ከቀትር በፊት የስረዛ ጥያቄ ልከናል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩንም በግል ሰጥተንዎታል። ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ቀን የሚወስነው ባንክዎ ነው፤ እስኪለቀቅ ድረስ ግን ጉዳዩን የምንከታተለው እኛ ነን። በደወሉልን ጊዜ ይህን ሁሉ ፈልገን ልንነግርዎ ሲገባ በአንድ መስመር መልስ አሰናበትንዎ። ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሱቁን ባለቤት በቀጥታ የሚያገኙበት ስልክ ከዚህ በታች ነው።»

ርዝመቱ ይህን ያህል ይበቃል። «አጭበርባሪ» የሚለው ቃል የለም፤ «ሐሰት» የሚለውም የለም። ገንዘቡ ወደ ሱቁ አለመድረሱ ግን በግልጽ ተነግሯል፤ በጠብ ቃና ሳይሆን በማብራሪያ ውስጥ ስለገባ አንባቢ ያምነዋል። «ልክ መሆንዎን አረጋግጠናል» የሚለው ሐረግ ብዙ ባለቤቶችን ያስፈራቸዋል፤ ጥፋት ማመን ይመስላቸዋል። የተረጋገጠው ግን ደንበኛው በዓይኑ ያየው ተቀናሽ ነው። ይህን መካድ የሚቻልበት መንገድ የለም፤ በሒሳቡ ላይ አለና።

ይቅርታው የት ላይ እንዳረፈም ይመልከቱ። ሱቁ ራሱ ላጎደለው ነገር፣ ለስልኩ መልስ ነው። «ቅር ስለተሰኙ ይቅርታ» የሚል አባባል ጥፋቱን ወደ ሰውየው ስሜት ይገፋዋልና ባይጻፍ ይሻላል። ባልሠሩት ነገር ይቅርታ መጠየቅም እንዲሁ ጉዳት አለው፤ ሰርቀው ቢሆን ኖሮ የሚጽፉትን ይጽፋሉ ማለት ነው። ያጎደሉትን አንድ ነገር በስሙ ጠርተው ለዚያው ብቻ ይቅርታ ይጠይቁ።

ከመለጠፍዎ በፊት ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ያስነብቡት። ካነበበ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ገንዘቡ አሁን የት ነው ያለው?» ከምላሽዎ ተነሥቶ መመለስ ካልቻለ ምላሹ ገና አላለቀም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ይህን ሙከራ ቸኩያለሁ ብለው አይዝለሉት።

ከተለጠፈ በኋላ

በዚያው ሳምንት ውስጥ ለደንበኛው እንደገና ይደውሉ። ገንዘቡ ተለቅቆ ከሆነ ከምላሽዎ ግርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ «ተጨማሪ፤ ገንዘቡ መለቀቁን ደንበኛችን በስልክ አረጋግጠውልናል።» ይህን ለማከል ግን አስቀድመው ፈቃዱን ይጠይቁት። ካልተለቀቀ የፈቃዱን ቁጥር ይዘው እርስዎ የክፍያ አገልግሎት ሰጪውን፣ እርሱ ባንኩን በአንድ ቀን ይጠይቁ።

አስተያየቱን እንዲያስተካክል መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው ግን ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ የሚጠየቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አስተያየትዎን ማስተካከል እንደሚቻል ያውቁ ይሆናል፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው» ማለት በቂ ነው። ብዙዎች ያስተካክላሉ፤ አንዳንዶችም ትተውት ይሄዳሉ። ካልተነካም የእርስዎ ምላሽ ከሥሩ ይነበባል።

ደንበኛው ምላሹን አይቶ እንደገና በቁጣ ቢጽፍ አዲስ የተናገረው ነገር እንዳለ ይመልከቱ። አዲስ ፍሬ ነገር ካለ ያጣሩና ምላሽዎን ያድሱ። ስድብ ብቻ ከሆነ በአደባባይ ሁለተኛ ዙር አይግቡ።

ነገሩ ከዚህ የተለየ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ጸሐፊውን በመዝገብዎ ውስጥ አያገኙትም። ያን ጊዜ «እርስዎ ደንበኛችን አይደሉም» ብለው አይጀምሩ፤ በሌላ ሰው ስልክ ወይም ካርድ አዝዞ ሊሆን ይችላል። «በጻፉት ስምና ዕቃ ትዕዛዝ ፈልገን አላገኘንም፤ የትዕዛዝ ቁጥሩን በዚህ አድራሻ በግል ቢልኩልን በዚያው ቀን እናጣራለን» ይበሉ። እውነተኛ ደንበኛ ይልካል፤ ያልሆነው ዝም ይላል፤ አንባቢም ልዩነቱን ያያል።

ከዚህ ሁሉ ልብ የሚነካው ሰውየው በእርግጥ ተጭበርብሮ፣ ያጭበረበረው ግን በእርስዎ ስምና ምስል የተከፈተ ሐሰተኛ ገጽ ሲሆን ነው። እርሱ ገንዘቡን ተሰርቋል፤ እርስዎም ስምዎን። ክፍያውን ወደ የትኛው ሒሳብ እንደላከና ከየትኛው ገጽ ጋር እንደተጻጻፈ በግል ይጠይቁት፤ ሐሰተኛውን ገጽ ለመድረኩ ይጠቁሙ፤ እርሱም ሳይውል ሳያድር ለባንኩና ለፖሊስ እንዲያመለክት ይንገሩት። በአደባባይ ምላሽዎ ላይ ደግሞ ትክክለኛ የክፍያ መንገድዎ የትኛው ብቻ እንደሆነ ይጻፉ። «እኛ አይደለንም» ብለው ብቻ ከተዉት ቀጣዩ ተጎጂ እንዳይኖር ማድረግ የሚችሉበትን ዕድል ያባክናሉ።

ሲያጣሩ ደግሞ የራስዎ ሠራተኛ በእርግጥ አጭበርብሮ ቢያገኙትስ? ያኔ ማብራሪያ አይፈልጉ። ገንዘቡን በዚያው ቀን ይመልሱ፤ ሌሎች የተጎዱ ደንበኞች መኖራቸውን ያጣሩ፤ ከጠበቃ ጋር ተመካክረው «ያሉት ነገር መፈጸሙን አረጋግጠናል፤ ገንዘቡን መልሰናል፤ ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሌላ ሰው ካለ በዚህ ስልክ ያሳውቀን» ብለው ይጻፉ። የሠራተኛውን ስም በአደባባይ አያውጡ።

አስተያየቱን ለመድረኩ ሪፖርት አድርጎ ማስነሣት ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ነገር ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት በምክንያት ነው። ጉግል በነጋዴና በደንበኛ መካከል ማን እውነት እንደተናገረ አይዳኝም፤ «ሐሰት ነው» ብሎ ማመልከት ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። ሪፖርት የሚሠራው ጽሑፉ የመድረኩን ደንብ ሲጥስ ነው፤ የግል መረጃ ሲያወጣ፣ ጥላቻ ሲሰብክ፣ ሲያስፈራራ፣ ከተፎካካሪ ወይም ከቀድሞ ሠራተኛ ሲመጣ፣ ወይም ስለ ሌላ ጉዳይ ሲሆን። «ካልከፈላችሁኝ አንድ ኮከብ እሰጣለሁ» የሚል መልእክት ከደረሰዎ ሳያጠፉ አስቀምጠው ከሪፖርቱ ጋር ያያይዙት። ሪፖርት አደረጉም አላደረጉ ምላሹን ይጻፉ፤ ውሳኔው እስኪመጣ ገጹን የሚያነቡ ሰዎች አሉና።

የወንበሩ ሱቅ በስተመጨረሻ የሚያስተካክለው ሁለት ነገር ይቀረዋል። በክፍያ ገጹ ላይ «ክፍያው አልተሳካም» ከሚለው ሥር «እንደገና ከመሞከርዎ በፊት ሒሳብዎን ይመልከቱ፤ ገንዘብ ተይዞ ካዩ ይደውሉልን» የሚል መስመር ይጨመራል። ከስልኩ አጠገብ ደግሞ ለሠራተኛው አንዲት ወረቀት ትለጠፋለች፤ «ሁለት ጊዜ ተቀነሰብኝ የሚል ሰው ሲደውል የሽያጭ መዝገቡን ሳይሆን የሙከራዎቹን ዝርዝር ክፈት።»